ሎተሪ ዕቁብ አይደለም፤ ተራ አይደርስም
ለቤተሰብ የሳምንት የሎተሪ ወጪ ወሰን እንዴት ይወጣል? ጨዋታው ወደ ችግር ሲያዘነብልስ በምን ይታወቃል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ እያሉ ሲጓዙ መኪናው በቆመ ቁጥር መስኮቱ ሥር ከሚደርሱት መካከል ሎተሪ አዟሪው አይጠፋም። የአምቦ መናኸሪያም ሆነ ደመወዝ የተቀበለ ሰው ማኪያቶ ይዞ የሚያርፍበት ካፌ እንዲሁ ነው። "ነገ የሚወጣ!" ይላል አዟሪው። ገዢው አንዱን ይመርጣል፣ አጥፎ ኪሱ ይከታል። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ይህ የከተሞቻችን የዘወትር ትዕይንት ነው።

አብዛኛው ሰው ሎተሪ ገዝቶ አይጎዳም። ሃያ ብር ያወጣል፣ ቤት ሠርቶ መኪና ገዝቶ ለሁለት ቀን በሐሳቡ ይኖርበታል፣ ዕጣው ሲወጣ ይረሳዋል። ይሁን እንጂ ዛሬ ትኬቱ በወረቀት ብቻ አይሸጥም። በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌብር የሚቆረጥ ሎተሪ አለ፤ ተፍቆ ወዲያው የሚታይ ፈጣን ሎተሪ አለ፤ የስፖርት ውርርድ ወይም በተለምዶ "ቤቲንግ" የሚባለውም አለ። እያንዳንዱ ክፍያ ትንሽ ስለሆነ አንድ ቤተሰብ በወር በጠቅላላው ምን ያህል እንደሚያወጣ ሳያውቅ ወራት ይቆጠራሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለቤተሰብ የሚስማማ የሳምንት ወሰን እንዴት እንደሚወጣ፣ ሁለተኛው ያ ወሰን ሲጣስ ምን እንደሚነግረን።

አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን "ዕጣ" የሚለው ቃል ነው። ዕቁብም ዕጣ ያወጣል፣ ሎተሪም ዕጣ ያወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ሃያ አባላት ያሉት፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው የሚደርሰው ዕቁብ እንውሰድ። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣው ለእርስዎ የመውጣት ዕድሉ ከሃያ አንድ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ወስደው በአሥረኛው ሳምንት የቀራችሁት አሥራ አንድ ስትሆኑ ዕድልዎ ከአሥራ አንድ አንድ ይሆናል። ሌላ ሰው በደረሰው ቁጥር የእርስዎ ተራ እየቀረበ ይመጣል፤ በሃያኛው ሳምንት ደግሞ ዕጣ ማውጣትም አያስፈልግም። የከፈሉት ገንዘብ ተመልሶ እጅዎ ይገባል። በዕቁብ ውስጥ "እስካሁን ካልደረሰኝ መድረሻዬ ቀርቧል" ብሎ ማሰብ ትክክል ነው።

በሎተሪ ግን ይኸው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ሰባት አኃዝ ያለውን ቁጥር ብንወስድ ከሰባት ዜሮ እስከ ሰባት ዘጠኝ አሥር ሚሊዮን ቁጥሮች አሉ። ሁሉም በዕጣው ውስጥ ከገቡ አንድ ትኬት ለአንደኛው ዕጣ ያለው ዕድል ከአሥር ሚሊዮን አንድ ነው። ባለፈው ወር የተሸነፈው ትኬት ለዚህ ወር ትኬት አንዳች አይጨምርለትም፤ እያንዳንዱ ዕጣ ሁልጊዜ ከባዶ ይጀምራል። በየሳምንቱ አንድ ትኬት የሚገዛ ሰው አሥር ሚሊዮን ትኬት ለማዳረስ 192 ሺህ ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል። በሎተሪ ተራ የሚባል ነገር የለም።

በትንንሾቹ ዕጣዎችም ነገሩ ያው ነው። የመጨረሻ አንድ አኃዝ ገጥሞ ትንሽ ገንዘብ የሚያስገኝ ዕጣ እናስብ፤ ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው። እንዲያም ሆኖ ሃያ ጊዜ ገዝቶ አንዴም ሳይገጥመው የሚቀር ሰው ከመቶ አሥራ ሁለት ያህል ነው። ይህ ሰው ሃያ አንደኛውን ሲገዛ "አሁንስ ያለ ጥርጥር ይወጣል" ይላል። ዕድሉ ግን አሁንም ያው ከአሥር አንድ ነው።

ሌላው አሳች ነገር "ለጥቂት አመለጠኝ" የሚለው ስሜት ነው። የወጣው ቁጥርና የእርስዎ ትኬት የመጀመሪያዎቹ አምስት አኃዞች ገጥመው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቢለያዩ ልብ ይዘላል፤ ደጃፉ ላይ ደርሰው የተመለሱ ይመስልዎታል። እነዚያን አምስት አኃዞች የያዙ ትኬቶች ግን መቶ ናቸው። አንዱ ያሸንፋል፣ ዘጠና ዘጠኙ እንደ እርስዎ "ለጥቂት" ያመልጣቸዋል። በአንድ ቁጥር የተሳሳተ ትኬትና በሰባቱም የተሳሳተ ትኬት ለሚቀጥለው ዕጣ እኩል ናቸው። ስለ ቁማር የተካሄዱ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ይህ ለጥቂት የማምለጥ ስሜት ሰውን ደግሞ እንዲጫወት ይገፋፋል። ወሰን ቀደም ብሎ በረጋ መንፈስ መውጣት ያለበትም ለዚህ ነው፤ ልብ ሲዘል ሒሳብ አይሠራም።

መጀመሪያ መቁጠር

ወሰን ከማውጣት በፊት አሁን የሚወጣውን ማወቅ ያስፈልጋል። ለአራት ሳምንት ማንም ምንም ሳይለውጥ ወጪውን ብቻ ይጽፋል። የሚጻፈው የወጣው ገንዘብ እንጂ የደረሰው ተቀንሶ የሚቀረው አይደለም፤ ብዙ ሰው ወጪውን አሳንሶ የሚገምተው በዚህ በኩል ነውና። የወረቀት ትኬቱን ሳይጥሉ በአንድ ፖስታ ማጠራቀም ይበቃል። በቴሌብር የተከፈለውን ለማግኘት ከ127 የመጡትን መልእክቶች ወደ ኋላ መመልከት ይቻላል።

እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት በሐሳብ አንድ የአምቦ ቤተሰብ እናቁም። ባል መምህር፣ ሚስት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። የሁለቱ የተጣራ ገቢ በወር 22 ሺህ ብር ነው እንበል። ባል ከመቁጠሩ በፊት ሲጠየቅ "ኧረ እኔ ከ250 ብር አላልፍም" ይላል።

አራቱ ሳምንታት አልቀው ፖስታው ሲከፈት የተገኘው ይህ ነው። ባል ባለ 20 ብር የወረቀት ትኬት በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው ሁለት፣ ደመወዝ በወጣበት በአራተኛው ሳምንት አምስት ገዝቷል፤ ድምሩ 240 ብር። በስልኩ አሥር አሥር ብር እያለ አሥራ ስድስት ጊዜ ቆርጧል፤ 160 ብር። በሁለት ቅዳሜዎች መቶ መቶ ብር በእግር ኳስ ተወራርዷል፤ 200 ብር። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በጋራ ለተገዛ ትኬት 40 ብር አዋጥቷል። ሚስት በየሳምንቱ አንድ ባለ 20 ብር ፈጣን ሎተሪ ፍቃለች፤ 80 ብር። ጠቅላላው 720 ብር ነው። በመካከሉ ባልየው አንድ ጊዜ መቶ ብር ደርሶታል፤ በግምቱ የቀነሰውም እሷን ነበር።

ሰባት መቶ ሃያ ብር ከገቢያቸው ከመቶ ሦስት ብር ከሩብ ያህል ነው። በዚሁ ከቀጠለ በዓመት 9,360 ብር ይሆናል። የገንዘቡን መጠን ከሚያህል በላይ ግን ሌላ የሚያስደንቅ ቁጥር አለ። ከሃያ ስምንቱ ቀናት ባልየው በአሥራ አራቱ ተጫውቷል፤ ማለትም በየሁለት ቀኑ። ወረቀቱ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የታየው። የቀሩትን ቀናት የሞላው ድምፅ የሌለው ስልክ ነው።

ወሰኑን ማውጣት

ስንት ብር ይሁን ለሚለው የሚረዳ መነሻ አለ። የካናዳ የዕፅ አጠቃቀምና የሱስ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 የጉዳት ስጋቱ ዝቅተኛ የሆነ የቁማር መጠን ምን ያህል እንደሆነ መመሪያ አውጥቷል። ሦስት ነጥቦች አሉት። በወር ከቤተሰቡ ገቢ ከመቶ አንድ ብር በላይ አለማውጣት፣ በወር ከአራት ቀን በላይ አለመጫወት፣ ከሁለት ዓይነት በላይ ጨዋታ አለማዘውተር። ሦስቱም በአንድ ላይ መጠበቅ አለባቸው፤ አንዱን ጠብቆ ሁለቱን መተው ጥበቃ አይሆንም።

ካናዳውያኑ ከመቶ አንዱን ያሰሉት ግብር ሳይቆረጥ ከሚገኘው ገቢ ነው። እኛ ዘንድ የገቢው ብዙ ክፍል በምግብና በቤት ኪራይ ስለሚያልቅ እጅ ከሚገባው የተጣራ ገቢ ማስላት የተሻለ ነው። የአምቦው ቤተሰብ ከ22 ሺህ ብር ከመቶ አንዱ 220 ብር ይሆናል። ወር አራት ሳምንት ከጥቂት ቀን ስለሆነ በሳምንት 50 ብር ገደማ ይደርሳል። አራት ቀን በወር የሚለው ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ወሰናቸው "በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሁለታችንም በድምሩ ሃምሳ ብር፣ ከሁለት ዓይነት ያልበለጠ" ሊሆን ይችላል። ሁለት ባለ 20 ብር ትኬት ይገዛል፣ አሥር ብር ይተርፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ከመቶ አንዱ ጣሪያ እንጂ መሙላት ያለበት ኮታ አይደለም። የቤት ኪራይ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ የዘገየበት፣ ዕዳ ያለበት ቤት ወሰኑ ዜሮ ነው። ሁለተኛ፣ መመሪያው ለሁሉም ሰው አይሆንም። በመጠጥ የሚቸገር፣ ድባቴ ወይም ጭንቀት ያለበት፣ ከዚህ ቀደም በቁማር የተጎዳ ወይም ቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ችግር የነበረበት ሰው ከዚህ ባነሰ መጠን መጫወት ወይም ጭራሹን መተው አለበት።

ወሰን የሚያፈስባቸው ቀዳዳዎች

ሃምሳ ብር ብሎ መወሰን ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ሃምሳው ብር ሳይታወቅ መቶ የሚሆንበት መንገድ ነው። ከእነዚህ መንገዶች ዋነኛው የደረሰ ገንዘብ ነው። መቶ ብር የደረሰው ሰው "ይህ የሎተሪው ገንዘብ ነው" ብሎ መልሶ ትኬት ይገዛበታል። ያ መቶ ብር ግን እጅ ከገባ በኋላ ከደመወዙ መቶ ብር በምንም አይለይም፤ ዘይትም ደብተርም ይገዛል። ስለዚህ የደረሰ ገንዘብ ወደ ቤት ወጪ እንዲገባ፣ የሳምንቱ ወሰን ግን ሃምሳ ብር እንዲሆን አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ያልተጫወቱበት ሳምንትም ለሚቀጥለው አይተላለፍም። አለበለዚያ ለወር የተጠራቀመ ሁለት መቶ ብር በአንድ ምሽት ይወጣል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ስልክ ነው። ወረቀት ለመግዛት አዟሪው መምጣት፣ እጅ ወደ ኪስ መግባት አለበት። በስልክ ሲሆን ግን አልጋ ላይ ተኝቶም ይቻላል። በተለይ በቴሌብር ከሚሰጡት የብድር አገልግሎቶች እንደኪሴ የተባለው ቀሪ ሒሳብ ሲያልቅ ክፍያ እንዳይቋረጥ የተዘጋጀ ነው፤ መላ የተባለው ደግሞ አነስተኛ ብድር ይሰጣል። ለመብራት ክፍያ ወይም ለድንገተኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ይህ ብድር ለጨዋታ ሲውል ወሰን የሚባለው ነገር ይጠፋል። የሳምንቱን ሃምሳ ብር በጥሬ ገንዘብ በፖስታ ለይቶ አስቀምጦ ከዚያ ብቻ መክፈል ከሁሉ የሚሻለው ለዚህ ነው። ፖስታው ባዶ ሲሆን ሳምንቱ አልቋል።

ሦስተኛው የትንሽ ከተማ ቀዳዳ ነው። እንደ አምቦ ወይም ጉደር ባለ ከተማ አዟሪው ያውቅዎታል፤ "ጋሼ፣ ነገ ይከፍላሉ፣ ይውሰዱት" ይላል። በዱቤ የተያዘ ትኬት ሳይወጣ ዕዳ ነው፤ ከወጣ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም ብዙ ሰው ትኬት የሚገዛው ለአዟሪው ልጅ አዝኖ ነው። ርኅራኄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሎተሪ ወሰን ውጪ ሊሆን ይገባል። መርዳት ከፈለጉ ብሩን ሰጥተው ትኬቱን አለመውሰድ ይቻላል። ያኔ የሰጡትን ያውቃሉ፣ የተጫወቱትንም ያውቃሉ።

ወሰኑ ሲጣስ

አሁን ወደ አምቦው ቤተሰብ እንመለስ። አምስት ሳምንት ወሰናቸውን ጠበቁ። በስድስተኛው ሳምንት ባልየው ያወራረደበት ግጥሚያ በመጨረሻው ደቂቃ በገባ ጎል ተበላሸና በዚያው ምሽት 250 ብር አወጣ። ይህ ብቻውን በሽታ ነው ማለት አይቻልም። ትልቁ ነገር ቀጥሎ የሚሆነው ነው።

አንደኛው መንገድ ቤቱ ገብቶ "ዛሬ ወሰኑን አልፌ 250 ብር አወጣሁ" ማለት ነው። ሁለቱ ተነጋግረው ውርርዱን ከሁለቱ የጨዋታ ዓይነቶች ያወጡታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሃምሳ ብር ይመለሳሉ። ወሰኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ቀዳዳው የት እንዳለ አሳይቷቸዋል።

ሁለተኛው መንገድ ዝም ብሎ "ይህን 250 ብር ሳላስመልስ አልተውም" ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጨዋታው ጠባዩን ይለውጣል። ከዚህ በፊት ለመዝናናት ይጫወት ነበር፤ አሁን የጠፋውን ለማስመለስ ይጫወታል። ከትኬት ሽያጭ ከሚገኘው ገንዘብ የአዟሪው ኮሚሽን፣ የሥራ ማስኬጃውና የመንግሥት ገቢ ተነስቶ ነው ሽልማቱ የሚከፈለው። ስለዚህ ተጫዋቾች በጠቅላላው ሁልጊዜ ካወጡት ያነሰ ያገኛሉ። የጠፋውን ለማስመለስ ብዙ የሚገዛ ሰው ከጉድጓድ ለመውጣት ጉድጓዱን የሚቆፍር ሰው ነው።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመዘኛ የቁማር ችግርን በዘጠኝ ምልክቶች ይለያል። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ወይም ከዚያ በላይ የታዩበት ሰው የባለሙያ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። ምልክቶቹን በሦስት ክፍል ብናያቸው ለቤተሰብ ይቀላል።

የመጀመሪያዎቹ በልብ ውስጥ ያሉ ናቸው። ቀድሞ የሚሰጠውን ደስታ ለማግኘት የገንዘቡን መጠን እየጨመሩ መሄድ፤ ሐሳብ ሁሉ ስላለፈው ጨዋታና ስለሚቀጥለው መሆን፤ ለመቀነስ ሲሞከር መቁነጥነጥና መነጫነጭ፤ ሲከፋና ሲጨንቅ ወደ ጨዋታ መሸሽ። ሁለተኛዎቹ በድርጊት የሚታዩ ናቸው። ለማቆም ደጋግሞ ሞክሮ አለመቻል፤ የጠፋውን ለማስመለስ በማግስቱ መመለስ። ሦስተኛዎቹ ሌላውን ሰው የሚነኩ ናቸው። ስለ መጠኑ መዋሸት፤ ትዳርን፣ ሥራን ወይም ትምህርትን ለአደጋ ማጋለጥ፤ በጨዋታ ምክንያት የባዶነበትን ኪስ በሌላ ሰው ገንዘብ ማስሞላት።

ዘጠኙን ማስታወስ ለከበደው ሰው ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። የሚያስይዙትን ገንዘብ እየጨመሩ የመሄድ ፍላጎት ተሰምቶዎት ያውቃል? ምን ያህል እንደሚጫወቱ ለሚቀርብዎት ሰው ዋሽተው ያውቃሉ? ለአንዱ እንኳ መልሱ አዎን ከሆነ ጉዳዩ ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት ማለት ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ስለ ብር መጠን እንደማይጠይቁ ልብ ይሏል። ሃብታም በሺዎች ሳይጎዳ ይጫወታል፤ ሌላው በመቶ ብር ቤቱን ያናጋል።

እኛ አገር ምልክቶቹ የራሳቸው መልክ አላቸው። ከ127 የመጡ መልእክቶች በየቀኑ ይሰረዛሉ። የዕድር ወርኃዊ መዋጮ "ረስቼው" እየተባለ ይጠራቀማል። የደረሰ የዕቁብ ገንዘብ ለታሰበለት ሳይውል በሁለት ቀን ያልቃል። ከመሥሪያ ቤት የደመወዝ ብድር ይጠየቃል፣ ለምን እንደሆነ ግን ምክንያቱ ይለዋወጣል። የአንገት ወርቅ "ለማሠራት" ይወጣና አይመለስም። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። ሁለት ሦስቱ በአንድ ወቅት ከመጡ ግን መጠየቅ ይገባል። መካከሉ ላይ ትልቅ ገንዘብ ቢደርስም ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያባብሰው ያ ነው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው ንግግር በተሸነፈበት ምሽት፣ ወይም በልጆች ወይም በዘመድ ፊት አይሁን። በረጋ ሰዓት፣ ከስድብ ይልቅ ከታየው ነገር መነሳት ይሻላል። "አጥፍተኸናል" ከማለት "የልጆቹ ክፍያ አልተከፈለም፤ ስንት እንደቀረ አብረን እንቁጠር" ማለት በር ይከፍታል። ኀፍረት ሰውየውን ወደ መደበቅ፣ መደበቅ ደግሞ መልሶ ወደ ጨዋታ ይወስደዋል። ሁሉም የሚተዋወቅበት ከተማ ላይ ይህ ይበልጥ ይከፋል።

ሁለተኛው ገንዘቡን ከእጅ ማራቅ ነው። በስምምነት ደመወዙ የሚገባበትን ሒሳብ፣ የዕቁቡን ገንዘብና የቴሌብሩን ምስጢር ቁጥር ለጊዜው ሌላው ይያዝ። ዕዳ ካለ ዝርዝሩ በሙሉ ወረቀት ላይ ይውጣ፤ የተደበቀ አንድ ዕዳ ብቻ ቢቀር እሱን ለመክፈል እንደገና ይጫወታልና። ቤተሰብ ለመክፈል ከወሰነ ገንዘቡን ለተጫዋቹ ሳይሰጥ ለአበዳሪው በቀጥታ ያስረክብ። ዕዳውን ዝም ብሎ ከፍሎ "ሁለተኛ እንዳይለምድህ" ብሎ ማለፍ ለሚቀጥለው ዙር ቦታ ከማጽዳት አይለይም። የሽማግሌ ምክር ስምምነቱን ለማጽናት ይረዳል፤ ሕክምናን ግን አይተካም።

ሦስተኛው ሕክምና ነው። አራትና ከዚያ በላይ ምልክት ላለበት ሰው ወሰን ማውጣት አይበቃም፤ ግቡ ማቆም ነው። አምቦና አካባቢዋ የሚኖር ሰው በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ወይም አምቦ በሚገኙት ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቆ ሊጀምር ይችላል፤ አስፈላጊ ከሆነ በሪፈር አዲስ አበባ ወዳለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። በሰፊው የተጠናው ሕክምና የንግግር ሕክምና ነው። ሰውየው "ተራዬ ደርሷል"፣ "ለጥቂት አመለጠኝ" የሚሉትን ሐሳቦች እንዲመረምርና ወደ ጨዋታ የሚገፉትን ሰዓቶች፣ ቦታዎችና ስሜቶች ለይቶ እንዲያውቅ ያግዘዋል። ድባቴ ወይም የመጠጥ ችግር አብሮ ካለ እሱም አብሮ ይታከማል። ተመልሶ መጫወት በሕክምናው መንገድ ላይ የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ አንዴ ስለተደናቀፈ ሕክምናው ከንቱ ነው ብሎ መተው አይገባም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በዕዳ የተዋጠ ሰው "ብሞት ይሻላችኋል" ወይም "ከእኔ ትገላገላላችሁ" ካለ ንግግሩን እንደ ማስፈራሪያ አይቁጠሩት። በቁማር የተጎዱ ሰዎች ራሳቸውን የማጥፋት አደጋ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።

ይህ ሁሉ ለማይመለከተው ቤት ቀሪው ሥራ ትንሽ ነው። ዛሬ አንድ ፖስታ ያዘጋጁ፣ ለአራት ሳምንት ትኬቶቹን ያጠራቅሙበት። በአራተኛው እሑድ ከቡና በኋላ አብራችሁ ቁጠሩት፤ ከመቁጠራችሁ በፊት ግን እያንዳንዱ ግምቱን በወረቀት ይጻፍ። በግምቱና በድምሩ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ብር ወሰን እንደሚያስፈልጋችሁ ብቻ ሳይሆን ወሰኑ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋችሁም ይነግራችኋል።